ጅራታም ስፐርም የሌለበት ቱቦ

«ሐረር የምማር የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ለቡድን ሥራ ድሬዳዋ ቀፊራ አጠገብ ካለ ሥጋ ቤት የፍየል ቆለጥ ገዝተን ሐረር ካመጣነው በኋላ ፎርማሊን ውስጥ ከተትነውና ስላይድ አሠራን። አንዱ ቱቦ በጅራታም ስፐርም ተሞልቷል፤ አጠገቡ ያለው ግን አንድም የለውም። ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ሕዋሳቱ ከግድግዳው ተላቀው መሐል ወድቀዋል። ፍየሉ መካን ነበር ወይስ እኛ አበላሸነው? ሰርቶሊ የሚባለውን ሕዋስስ በምን እንለየው? የትምህርት ክፍላችን የሰው ስላይድ ላይ ደግሞ በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁሉም ነገር ተደበላልቆ ይታያል፤ ለምን?»

ፍየሉ መካን አልነበረም ለማለት የሚያስደፍረኝ እናንተን ያስጨነቃችሁ ነገር ራሱ ነው። በፍየል ቆለጥ አንዱ ቱቦ ስፐርም ሞልቶት ጎረቤቱ ባዶ መሆኑ የተለመደ ነው፤ የሚያስደነግጠኝ ሁሉም ቱቦዎች አንድ ዓይነት መልክ ቢኖራቸው ነበር። የተላቀቁት ሕዋሳት ግን የመንገዱና የፎርማሊኑ ሥራ ናቸው፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

በመጀመሪያ የትኛውን ቱቦ ማንበብ እንዳለባችሁ እንስማማ። የዘር ቱቦዎች በቆለጡ ውስጥ እንደተጠቀለለ ፓስታ ተጣጥፈው የተቀመጡ ናቸው፤ ቢላው ሲያልፍባቸው አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ሞላላ፣ አንዳንዱም ረዥምና ጠማማ ሆኖ ይቆረጣል። ሞላላውና ጠማማው በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ የሕዋሳቱ ሽፋን ከእውነተኛው በላይ ወፍራም መስሎ ያሳስታል። ክብ የሆነውን፣ መሐሉ ክፍት የሆነውን ብቻ ምረጡ። ከዚያም ዓይናችሁን ከውጭው ግድግዳ ወደ መሐል ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱ። ታናሹ ሕዋስ ግድግዳው ሥር ይቀመጣል፤ ወደ መሐል በተጠጋችሁ ቁጥር ዕድሜው ይጨምራል።

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ስፐርማቶጎኒያ ናቸው። በማይቶሲስ እየተባዙ ከፊሎቹ ዘር ሆነው እዚያው ይቀራሉ፤ ከፊሎቹ ወደ ሥራ ይገባሉ። ከእነርሱ በላይ ቀዳማዊ ስፐርማቶሳይቶች አሉ፤ በተለይ የክሮሞሶምን ቁጥር በግማሽ በሚቀንሰው ክፍፍል፣ በሚዮሲስ፣ ፓኪቲን ምዕራፍ ላይ ያሉት ከሽፋኑ ሕዋሳት ሁሉ ጎላ ብለው የሚታዩ፣ ኒውክሊየሳቸው ክብና በወፍራም ክሮች የተሞላ ስለሆነ በዝቅተኛ ማጉያ እንኳ አይጠፉም። ሁለተኛ ደረጃ ስፐርማቶሳይቶችን ለማግኘት ብዙ አትድከሙ፤ ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ በአብዛኛው ቱቦ ውስጥ የሉም። ከዚያ በላይ ክብ ስፐርማቲዶች ይመጣሉ፤ ትንንሽ፣ ፈዘዝ ያለ ክብ ኒውክሊየስ ያላቸው፣ በብዛት የተደረደሩ። እነዚህ ከዚያ በኋላ አይከፋፈሉም፤ መልካቸውን ብቻ ይቀይራሉ። ኒውክሊየሳቸው ይረዝማል፣ ይጠብቃል፣ ይጠቁራል፤ ክሮማቲናቸው የታሸገበት ሂስቶን የተባለ ፕሮቲን በፕሮታሚን ይተካል፤ ጅራት ያወጣሉ። እናንተ ጅራታም ያላችኋቸው የዚህ ጉዞ መጨረሻ ላይ የደረሱትን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በአንድ ቱቦ በአንድ ቦታ ላይ አዲስ የስፐርማቶጎኒያ ቡድን ወደ ሥራ የሚገባው በየጊዜው ነው። በፍየል ይህ ጊዜ፣ ዑደት የሚባለው፣ 10.6 ቀን ያህል ነው፤ አንድ ቡድን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጉዞ ስፐርም ሆኖ ለመውጣት ግን 48 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ የፊተኛው ቡድን ሳይጨርስ ሁለተኛው ይጀምራል፤ ሁለተኛው ሳይጨርስ ሦስተኛው ይከተላል። 48ን ለ10.6 ብታካፍሉ አራት ተኩል ያህል ታገኛላችሁ፤ በግድግዳው ላይ አራት ወይም አምስት ትውልድ ተደራርቦ የምታዩት ለዚህ ነው። ደግሞም የአንድ ቡድን አባላት ሲከፋፈሉ ሙሉ በሙሉ አይለያዩም፤ በቀጭን የሳይቶፕላዝም ድልድይ እንደተያያዙ ይቆያሉ። ስለዚህ አብረው ይራመዳሉ፤ አንዱ ቀድሞ አንዱ አይዘገይም።

ይህ ቋሚ ክፍተት አንድ ጠቃሚ ውጤት አለው። የላይኛውን ትውልድ ዕድሜ ካወቃችሁ ከሥሩ ያለው ምን መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ። ረዣዥሞቹ ስፐርማቲዶች ለመውጣት ሲቃረቡ ከሥራቸው ሁልጊዜ ክብ ስፐርማቲዶች፣ ከእነርሱ ሥር ፓኪቲን ስፐርማቶሳይቶች፣ ከሥር ደግሞ ገና ሚዮሲስ የሚጀምሩ ወጣት ስፐርማቶሳይቶች አሉ። ይህ ጥምረት አይለዋወጥም። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ቋሚ ጥምረቶች ደረጃ ብለው ከፋፍለዋቸዋል፤ በፍየልና በበግ በቱቦው አጠቃላይ መልክ ላይ ተመሥርተው ስምንት ደረጃዎችን ይቆጥራሉ። በአይጥ የአክሮሶምን፣ ማለትም በስፐርማቲዱ ራስ ላይ የሚበቅለውን ቆብ፣ ዕድገት ተከትለው እስከ 14 ይደርሳሉ፤ ለእናንተ ስምንቱ ይበቃሉ፤ በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ቀለምም ይለያሉ።

የእናንተን ሁለት ቱቦዎች በዚህ እንመርምር። ሙሉው ቱቦ ደረጃ ስምንት ነው ብዬ እገምታለሁ። ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ የረዣዥሞቹ ጥቁር ጭንቅላቶች በመሐሉ ክፍተት ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ጅራታቸው ወደ ክፍተቱ ከተንጠለጠለ፣ ከሥራቸውም ጥቃቅን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከታዩ ጥርጥር የለም። ነጠብጣቦቹ ስፐርማቲዱ ከመሄዱ በፊት የሚጥለው ትርፍ ሳይቶፕላዝም ናቸው። በተቃራኒው ጭንቅላቶቹ በችቦ በችቦ ተጠቃለው ወደ ግድግዳው ጠልቀው የገቡ ከሆነ ደረጃ ስምንት አይደለም፤ ለመውጣት ገና ቀናት የቀሩት ቱቦ ነው።

ባዶ ያላችሁት ቱቦ ደግሞ ደረጃ አንድ ይመስለኛል፤ ያው ሙሉው ቱቦ ስፐርሙን ከለቀቀ በኋላ የሚይዘው መልክ ነው። እርግጠኛ ለመሆን ጅራታሞችን መፈለግ ትታችሁ ከሥር ያለውን ተመልከቱ። ወደ መሐሉ ቅርብ ብዙ ተርታ ክብ ስፐርማቲድ አለ? ከሥሩ ትልልቅ ፓኪቲኖች አሉ? ከእነርሱ ሥር ደግሞ ቀጭን ክሮማቲን ያላቸው፣ ሚዮሲስን ገና የጀመሩ የሌፕቶቲን ስፐርማቶሳይቶች ይታያሉ? ሦስቱም ካሉ ቱቦው ሙሉ ጤነኛ ነው። የጎደለው የላይኛው ትውልድ የጎደለው ስለሄደ ነው።

ከዚህ በላይም መሄድ ይቻላል። በዚያ ደረጃ አንድ ቱቦ ውስጥ ያሉት ክብ ስፐርማቲዶች ፍየሉ ባይታረድ ኖሮ መቼ ይወጡ ነበር? አንድ ሙሉ ዑደት ቀርቷቸው ስለነበር ከ10 ወይም ከ11 ቀን በኋላ። ፓኪቲኖቹስ? አሁን ባሉበት ዑደት አጋማሽ፣ በደረጃ አራት፣ ይከፋፈሉና እያንዳንዳቸው አራት ክብ ስፐርማቲድ ይሆናሉ፤ እነዚያ በሚቀጥለው ዑደት ይረዝማሉ፤ ድምሩ 21 ቀን ገደማ። ሌፕቶቲኖቹ ሦስት ዑደት ይጠብቃቸዋል፤ ወደ 32 ቀን። ስለዚህ በአንድ ቀጭን ቁራጭ ላይ የሚመጡትን አራት ሳምንት ተኩል ያህል ታነባላችሁ። ብዙ ተማሪ ይህን ስላይድ የስም መሸምደጃ ያደርገዋል፤ እኔ ግን ከሂስቶሎጂ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ፊት ለፊት የሚታይበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ስንት ቱቦ በየትኛው ደረጃ እንዳለ መቁጠርም ትርጉም አለው። አንድ ደረጃ ረዥም ጊዜ የሚወስድ ከሆነ ብዙ ቱቦ እዚያ ላይ ይገኛል፤ አጭር ከሆነ ጥቂት። ለምሳሌ 200 ክብ ቱቦ ቆጥራችሁ 20ዎቹ ሕዋሳቱ በሚዮሲስ የሚከፋፈሉበት ደረጃ አራት ላይ ቢሆኑ፣ ይህ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ነው፤ የ10.6 ቀን አንድ አሥረኛ 25 ሰዓት ያህል ስለሆነ ያ ደረጃ በግምት አንድ ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ለቡድን ሥራችሁ ከሥዕል ይልቅ ይህን ቆጠራ ብታቀርቡ መምህራችሁን የበለጠ የምታስደስቱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ከቱቦው የወጣው ስፐርም ዋኝቶ አይሄድም። ጅራት ቢኖረውም ገና የመዋኘት አቅም የለውም። የሚወስደው በቱቦው ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽና የግድግዳው መኮማተር ነው፤ ቱቦውን ከውጭ የከበቡት ቀጫጭን ኒውክሊየስ ያላቸው ማዮይድ ሕዋሳት ይኮማተራሉ። ፈሳሹን የሚያመነጨው ደግሞ የጠየቃችሁት ሰርቶሊ ነው።

ኤንሪኮ ሰርቶሊ የተባለው ጣሊያናዊ ይህን ሕዋስ የገለጸው በ1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወሰኑን በተራ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሙሉ ሕዋሱን አትፈልጉ፤ የሚለየው ኒውክሊየሱ ነው። ከግድግዳው አጠገብ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቅርጹ ክብ አይደለም፤ ሞላላ ወይም ሦስት ማዕዘን የሚመስል፣ ጠርዙ የተጨማደደ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ረዥም ጎኑ ወደ መሐል ያመለክታል። ውስጡ ፈዛዛ፣ ማለት ይቻላል ባዶ ሲሆን፣ አንድ ጎልቶ የሚታይ ኒውክሊዮለስ ይዟል። ከእርሱ ጋር የሚያሳስተው ስፐርማቶጎኒየም ነው፤ የስፐርማቶጎኒየም ኒውክሊየስ ግን ክብ ወይም ለስላሳ ሞላላ ሆኖ ግድግዳው ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይተኛል፤ ክሮማቲኑም በጠርዙ ላይ ይከማቻል። አሁንም ካመነታችሁ አንድ ምልክት አለ፦ የጎልማሳ እንስሳ ሰርቶሊ አይከፋፈልም። ግድግዳው ሥር በማይቶሲስ ላይ ያለ ሕዋስ ካገኛችሁ ሰርቶሊ አይደለም።

አለመከፋፈሉ ለመለያነት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የሰርቶሊ ቁጥር በመጀመሪያ የዕድገት ዘመን፣ እስከ ጉርምስና ባለው ጊዜ፣ ይወሰንና ያበቃል። አንድ ሰርቶሊ የሚሸከመው የዘር ሕዋስ ብዛት ደግሞ ወሰን አለው። እንግዲህ አንድ ፍየል በጎልማሳነቱ በቀን የሚያመርተው የስፐርም መጠን ጣሪያ ገና በልጅነቱ ተቀምጧል ማለት ነው። የአውራዎች ቆለጥ ዙሪያ እየተለካ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ሰርቶሊ ከግድግዳው እስከ መሐሉ ክፍተት የሚደርስ ረዥም ሕዋስ ነው፤ የዘር ሕዋሳቱ ሁሉ በጎኑና በራሱ ጉድጓዶች ውስጥ ተሰክተው ያድጋሉ። ከጎረቤቱ ሰርቶሊ ጋር ደግሞ ከግድግዳው ጥቂት ከፍ ብሎ በጥብቅ መጋጠሚያዎች ይታሰራል። ይህ መጋጠሚያ ሽፋኑን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሥር ባለው ክፍል ስፐርማቶጎኒያና ሚዮሲስን ሊጀምሩ ያሉት ስፐርማቶሳይቶች ይቀመጣሉ፤ ከላይ ባለው ክፍል የቀሩት ሁሉ። ከደም የሚመጣ ነገር የታችኛውን ክፍል ይደርሳል፤ የላይኛውን ግን በሰርቶሊ ውስጥ ሳያልፍ አይደርስም።

ለምን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ? በሚዮሲስ ላይ ያሉ ሕዋሳትና ስፐርማቲዶች የሚታዩት በጉርምስና ጊዜ ነው። የሰውነት መከላከያ ግን የራሱን ሕዋስ ከባዕድ መለየት የተማረው ከዚያ በፊት ነው፤ በእነዚህ ዘግይተው በመጡ ሕዋሳት ላይ ያሉ ፕሮቲኖችን አያውቃቸውም። ከመጋጠሚያው በላይ ሲቀመጡ ከመከላከያው ዓይን ይሰወራሉ። አጥሩ ሲፈርስ፣ ለምሳሌ በጉዳት፣ ሰውነት የራሱን ስፐርም የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል።

ግን ወጣቶቹ ስፐርማቶሳይቶች ከታችኛው ክፍል ወደ ላይኛው መሻገር አለባቸው፤ አጥሩ ለአፍታም ሳይከፈት እንዴት ይሆናል? መፍትሔው ደስ የሚል ነው። ሰርቶሊዎቹ ከሚሻገሩት ሕዋሳት ሥር አዲስ መጋጠሚያ ይሠራሉ፤ አዲሱ ሲጠነክር የላዩ አሮጌው ይፈታል። ሕዋሳቱ ለጥቂት ጊዜ በሁለት በተዘጉ በሮች መካከል ይቆያሉ፤ ከዚያ የላዩ ብቻ ይከፈትላቸዋል።

ወደ ላይ ከተሻገሩ በኋላ ምግባቸው በሙሉ ከሰርቶሊ እጅ ነው። ስፐርማቶሳይቶችና ስፐርማቲዶች ግሉኮስን በቀጥታ መጠቀም እምብዛም አይሆንላቸውም፤ ሰርቶሊ ከደም የመጣውን ግሉኮስ ይወስዳል፣ ወደ ላክቴት ይለውጠዋል፣ ላክቴቱን ያቀብላቸዋል። ብረትም እንዲሁ ነው። በደም ውስጥ ብረት የሚሸከመው ትራንስፈሪን አጥሩን አያልፍም፤ ሰርቶሊ ብረቱን ከታች ተቀብሎ ራሱ በሠራው ትራንስፈሪን ላይ ጭኖ ወደ ላይ ያሳልፈዋል። ስፐርማቲዱ የሚጥለውን ትርፍ ሳይቶፕላዝም የሚውጠውም እርሱ ነው፤ በደረጃ አንድ ቱቦ ውስጥ እነዚያን ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወደ ግድግዳው ወርደው፣ በሰርቶሊ ኒውክሊየስ አቅራቢያ፣ ልታገኙ ትችላላችሁ። የሞቱ የዘር ሕዋሳትንም እንዲሁ ስለሚያጸዳ በጤነኛ ቱቦ ውስጥ ሬሳ ብዙም አይታይም።

ሆርሞንም በእርሱ በኩል ይመጣል። ቴስቶስቴሮን የሚሠሩት በቱቦዎቹ መካከል ባሉት ሦስት ማዕዘን ቦታዎች የሚቀመጡት የላይዲግ ሕዋሳት ናቸው፤ የዘር ሕዋሳቱ ግን ራሳቸው ቴስቶስቴሮንን የሚቀበሉበት የሚሠራ ተቀባይ የላቸውም። ተቀባዩ ያለው ሰርቶሊ ላይ ነው፤ ከፒቱታሪ ዕጢ የሚመጣው ኤፍኤስኤች የተባለው ሆርሞንም የሚያናግረው እርሱን ነው። በቆለጥ ውስጥ ያለው ቴስቶስቴሮን በደም ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሥራው የሚካሄደውም በዚያ መጠን ነው። ጡንቻ ለማሳበጥ ቴስቶስቴሮን በመርፌ የሚወስዱ ወጣቶች ስፐርማቸው የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ደማቸው በሆርሞን ሲሞላ ፒቱታሪ ትእዛዝ ማስተላለፉን ያቆማል፤ የላይዲግ ሕዋሳት ይተኛሉ፤ በቆለጡ ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል፤ ሰርቶሊ ያለ ትእዛዝ ይቀራል። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል እንጂ ከዚህ አቀማመጥ በቀጥታ የሚከተል ነው።

ወደ ተላቀቁት ሕዋሳት እንመለስ። ፍየሉ ከታረደ በኋላ ቆለጡ በድሬዳዋ ሙቀት ሥጋ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ አታውቁም፤ ከዚያ በፌስታል ተይዞ በደንገጎ አቀበት ሐረር ደርሷል። የዘር ሽፋን ከሰውነት ውስጥ ቶሎ ከሚፈርሱት አንዱ ነው። ከዚያም ፎርማሊን ተጨመረበት። ፎርማሊን ለብዙ አካል ጥሩ ነው፤ ለቆለጥ ግን ሕዋሳቱን ያኮማትራል፣ በቱቦዎቹ መካከል የውሸት ክፍተት ይፈጥራል፣ ክሮማቲኑንም ያደበዝዛል።

ይህ ብልሽት ከበሽታ የሚለይባቸው ምልክቶች አሉ። ብልሽት ቱቦ አይመርጥም፤ በአንድ አካባቢ ያሉትን ሁሉ ያገኛቸዋል፤ ፈሳሹ ዘግይቶ በሚደርስበት በቁራጩ እምብርትም ከጠርዙ ይብሳል። በመሐል የወደቁትን ሕዋሳት አንድ በአንድ ስትመለከቱ ሁሉም ትውልድ ተሟልቶ ታገኛላችሁ፤ ቦታቸውን ለቀቁ እንጂ አልጠፉም። በሽታ ግን ትውልድ ያጎድላል። እንዲህ ብላችሁ ያዙት፦ በጤነኛ ፍየል ቱቦ ውስጥ፣ በየትኛውም ደረጃ፣ ቢያንስ አንድ ትውልድ ስፐርማቲድ አለ። ፓኪቲኖች ሞልተው ክብም ረዥምም ስፐርማቲድ በምንም ቱቦ ውስጥ ካጣችሁ ሥራው ሚዮሲስ ላይ ቆሟል። ከአንድ በላይ ኒውክሊየስ ያላቸው ግዙፍ የስፐርማቲድ ሕዋሳት፣ የወፈረ የቱቦ ግድግዳ፣ ወይም ሰርቶሊ ብቻውን የቀረበት ቱቦም ከመንገድ ሙቀት አይመጣም።

በሕይወት ያለ ፍየል ላይ የደረሰ ሙቀት ደግሞ ሌላ አሻራ ይተዋል። ቆለጥ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ብሎ ነው፤ ትኩሳት ሲመታው በይበልጥ የሚጎዱት ፓኪቲን ስፐርማቶሳይቶችና ክብ ስፐርማቲዶች ናቸው። ብርቱ ትኩሳት ታሞ የዳነ አንድ ፍየል እናስብ። ፓኪቲኖቹ በብዛት ከሞቱ፣ ከ10 ቀን በኋላ ቢታረድ በደረጃ አንድ ቱቦዎች ውስጥ የሚሳሳው የክብ ስፐርማቲዶች ተርታ ነው፤ ከሥር ያለው ሌላ ትውልድ ግን ተተክቶ ደህና ይመስላል። ከ20 ቀን በኋላ ቢታረድ ክቦቹ ተመልሰው የሚሳሱት ረዣዥሞቹ ይሆናሉ። ክፍተቱ በየዑደቱ አንድ ተርታ ወደ መሐል ይጓዛል። ስፐርማቶጎኒያ እስካልሞቱ ድረስም በመጨረሻ ክፍተቱ ራሱ ይወጣል።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትሠሩ ፈሳሹን ይዛችሁ ወደ ድሬዳዋ ውረዱ እንጂ ቆለጡን ይዛችሁ ወደ ፈሳሹ አትውጡ። የሚሻለው የቡዋን ፈሳሽ ነው፤ 75 ሚሊ ሊትር በውሃ የሟሟ የጠገበ ፒክሪክ አሲድ፣ 25 ሚሊ ሊትር ያልቀጠነ ፎርማሊን እና 5 ሚሊ ሊትር ግላሲያል አሴቲክ አሲድ ነው። ከመደርደሪያ ላይ የደረቀ የፒክሪክ አሲድ ጠርሙስ ካገኛችሁ ክዳኑን አትንኩ፤ ደረቁ ይፈነዳል፤ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ንገሩ። የተዘጋጀውን ፈሳሽም የሚለካውና የሚደባልቀው የላቦራቶሪ ባለሙያው ይሁን። የቆለጡ ነጭ ሽፋን ወፍራም ስለሆነ ሙሉውን ቢነክሩት ፈሳሹ መሐሉን አያገኘውም፤ በስለታም ምላጭ፣ ሳትጫኑ፣ ከ5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ቆራርጡት። መጫን በራሱ ሕዋሳቱን ከቱቦው ይጨምቃቸዋል። ከአንድ ሌሊት በኋላ ቢጫው ቀለም እስኪለቅ በ70 በመቶ አልኮል እየቀያየራችሁ እጠቡት። ፒኤኤስ የተባለውን ቀለም ካገኛችሁ በክብ ስፐርማቲዱ ራስ ላይ አክሮሶሙ እንደ ደማቅ ሮዝ ቆብ ይወጣል፤ በተለመደው ቀለም ይህ አይታይም።

የሰው ስላይዱን በተመለከተ፣ ተደበላልቆ የታያችሁ በእውነትም ስለተደበላለቀ ነው። በፍየል፣ በበግና በአይጥ አንድ ደረጃ የቱቦውን ዙሪያ ሙሉ ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ክብ ቁርጥ አንድ መልክ ብቻ ይኖረዋል። በሰው ግን እያንዳንዱ ደረጃ የሚይዘው ትንሽ ቁራሽ ቦታ ነው፤ በአንድ ክብ ቁርጥ ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ደረጃዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ኢቭ ክለርሞን በ1963 የሰውን ደረጃዎች ስድስት ብሎ እስኪለያቸው ድረስ በሰው ሥርዓት ያለው ዑደት መኖሩ ራሱ ያከራክር ነበር። ዑደቱ 16 ቀን ነው፤ ጠቅላላ ጉዞው 74 ቀን ገደማ። ለዚህ ነው አንድ ሰው ከከባድ ትኩሳት በኋላ የስፐርም ምርመራው ዝቅ ቢል ሐኪሙ ወር ሳይሞላ እንዲደግም የማያዘው፤ ከቱቦው በኋላ ስፐርሙ በሚበስልበት መተላለፊያ፣ በኤፒዲዲሚስ፣ የሚያልፉት ቀናት ሲጨመሩ ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሰው ስላይድ ላይ ቱቦውን እንደ አንድ ነገር አታንብቡት። በሐሳባችሁ እንደ ሰዓት ገጽ ከፋፍሉትና እያንዳንዱን ክፍል ከግድግዳ እስከ መሐል ለብቻው አንብቡ፤ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ጥምረቱ የተስተካከለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በአንድ ቱቦ ብቻ ምርመራ ላይ መድረስም አይገባም። ፓቶሎጂስቶች ከቆለጥ በተወሰደ ናሙና ላይ ብዙ ቱቦ አይተው ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣሉ፤ በ1970 የወጣው የዮንሰን መለኪያ ለተሟላ ቱቦ 10፣ ሰርቶሊ ብቻ ለቀረበት 2፣ ምንም ሕዋስ ለሌለበት 1 ይሰጥና አማካዩን ይወስዳል። እናንተም የክፍሉን የሰው ስላይድ ይዛችሁ ሃያ ቱቦ ያህል በዚያ መንገድ ሞክሩ፤ በመጀመሪያ ግን ከየቱቦው ሁለት ሁለት የሰርቶሊ ኒውክሊየስ አግኝታችሁ ምልክት አድርጉባቸው።